የስፌት ትርፍ ሲሰላ የሚታለፉ ስህተቶች

በሐረር ጀጎል ውስጥ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የሣር ስፌት ለደስታዋ የምትሰፋ ሴት ሙያዋን ወደ ገቢ ለመለወጥ ስታስብ፣ በአብዛኛው የምትሳሳተው በእጇ ሥራ ሳይሆን በስሌቷ ነው።

የመጀመሪያውና ከባዱ ስህተት ዋጋን በስፌቱ ስፋት ልክ መተመን ነው። ስፌት ከመሐል ተጀምሮ ዙሪያውን እየተጠመጠመ ስለሚያድግ፣ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት እጥፍ ሲሆን ሣሩም የወስፌው ሥራም ወደ አራት እጥፍ ገደማ ይጠጋል። ለምሳሌ ያህል 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስፌት የ60 ብር ስንደዶና አለላ ፈጅቶ በ5 ሰዓት ቢያልቅና በ350 ብር ቢሸጥ፣ ለሰዓት 58 ብር ይተርፋል። ባለ 40 ሴንቲ ሜትሩ ግን 240 ብርና 20 ሰዓት ይፈልጋል። ሰፊዋ «እጥፍ ነው» ብላ 700 ብር ብትጠይቅ ለሰዓት የሚቀርላት 23 ብር ብቻ ነው። የትንሹን ያህል እንዲያስገኝላት 1,400 ብር መሸጥ ነበረበት፤ ገዢው ይህን የማይከፍል ከሆነ ትልቁን መተው ይሻላል። በጣም ማሳነስም አይበጅም፤ መነሻውን አጥብቆ መያዝ ራሱ ጊዜ የሚወስድ በመሆኑ ሰዓቱ ከስፋቱ ጋር እኩል አይቀንስም።

ሁለተኛው ስህተት ሰዓቱን በግምት መያዝ ነው። ከቡና ጋር፣ በጨዋታ መካከል የተሰፋ ስፌት «ምንም ጊዜ አልወሰደም» ያሰኛል። ሣሩን መምረጥ፣ ማቅለምና ማራስም ሥራ ስለሆነ፣ ቢያንስ ሦስት ስፌቶች ሰዓታቸው እየተመዘገበ ሊሠሩ ይገባል።

ሦስተኛው የዘመድን አድናቆት ገበያ አድርጎ መቁጠር ነው። እንግዳ «እጅሽ ይባረክ» ማለቱ ገዢ አያደርገውም። ፈተናው ቀብድ ነው፤ የማያውቋት ሰዎች የሣሩን ዋጋ የሚሸፍን ቀብድ ከፍለው ካዘዙ ፈላጊ አለ ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ «ሲሸጥ ትወስጃለሽ» ተብሎ የተቀመጠ ስፌት ግን ገና አልተሸጠም፤ ገንዘቧን ይዞ መቆየቱ ሳያንስ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ከሰነበተ ቀለሙም ይለቃል።

የመጨረሻው፣ ሌሎች ሰፊዎችን ቀጥሮ ማብዛት በራሱ ትርፍ ይጨምራል ብሎ ማሰብ ነው። ለትንሹ ስፌት ለሰዓት 40 ብር ሒሳብ 200 ብር ከተከፈለና ሣሩ 60 ብር ከሆነ፣ ከ350ው ብር 90 ብር ይተርፋል። የድሬዳዋ ነጋዴ በብዛት ልውሰድና ከዋጋው ሩቡን ቀንሺልኝ ቢላት ግን ከዚያ ላይ 87 ብር ከ50 ይሄዳል። በቀረው 2 ብር ከ50 ደግሞ የተበላሸውን ስፌትም ሆነ መጓጓዣውን መሸፈን አይቻልም። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ከመቀበል በራስ እጅ የሚሠራውን ብቻ ይዞ፣ በቀጥታ ለሚገዛ ሰው መሸጥ የተሻለ ነው።