የሲቲ ስካን ውጤትዎ «የኩላሊት ጠጠር» ካለ፦ መጠኑን፣ ቦታውንና ቀጣዩን እርምጃ እንዴት ማንበብ ይቻላል

ሌሊት በጎን ሕመም ተሰቃይቶ ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ጠዋት ሲወጣ በእጁ አንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ወረቀት ይዟል። ብዙ ሰው ከዚያ ገጽ የሚያስታውሰው «ጠጠር» የሚለውን ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚሆነውን የሚወስኑት ግን የጠጠሩ ስፋት፣ የቆመበት ቦታና ከበላዩ ያለው ኩላሊት ሁኔታ ናቸው። ሦስቱን ከወረቀቱ ላይ ለይቶ ማውጣት የሚችል ሰው ሐኪሙን ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

እንደ ምሳሌ የ38 ዓመት የረጅም ርቀት ሹፌር ውጤት እንያዝ። ወረቀቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «ከግራ ኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ የታችኛው ጫፍ ላይ 6 በ8 ሚሊሜትር የሆነ ጠጠር ይታያል። የግራ ኩላሊት በመጠኑ አብጧል። በቀኝ ኩላሊት የታችኛው ክፍል 4 ሚሊሜትር የሆነ ሌላ ጠጠር አለ።»

1. በመጀመሪያ ቦታውን ይፈልጉ

በሪፖርቱ ውስጥ «ካልኩለስ» ወይም «ስቶን» የሚለው ቃል ጠጠሩን ያመለክታል። ከአጠገቡ «ኪድኒ» ወይም «ሬናል» ከተባለ ጠጠሩ ኩላሊት ውስጥ ነው። «ዩሬተር» ከተባለ ደግሞ ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚያወርደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ኩላሊት ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ጠጠር የሽንቱን መንገድ ካልዘጋ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ሰው ለዓመታት ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። እንደ ምጥ የሚያንከባልለው ሕመም የሚመጣው ጠጠሩ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ሽንት ሲያግድና ከበላዩ ያለው ኩላሊት ሲወጠር ነው።

ቱቦው ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ ጠጠር የሚይዙ ሦስት ጠባብ ቦታዎችም አሉት፦ ከኩላሊት የሚወጣበት፣ ወደ እግር የሚሄዱትን ትልልቅ የደም ሥሮች የሚሻገርበትና ወደ ፊኛ የሚገባበት። የሹፌሩ ጠጠር የደረሰው የመጨረሻው ላይ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ከወገቡ ወደ ብሽሽቱ ወርዷል፤ ቶሎ ቶሎ ሽንቱም ይመጣበታል፣ ሲሸና ግን ጥቂት ብቻ ነው። ይህን ምልክት የፊኛ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ያለ ሽንት ምርመራ አንቲባዮቲክ መጀመር የተለመደ ስሕተት ነው። ለእሱ መልካሙ ዜና ጠጠሩ ረጅሙን መንገድ መጨረሱ ነው። ከታች የደረሰ ጠጠር ከላይ ከቀረው ይልቅ በራሱ የመውጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

2. መጠኑን በትክክል ያንብቡ

ሁለት ቁጥሮች ሲጻፉ አንዱ ወርዱ ሌላው ቁመቱ ነው። ጠጠሩ በቱቦው ውስጥ ለማለፍ ይበልጥ የሚወስነው ወርዱ ስለሆነ የሹፌሩ ጠጠር ለዚህ ጉዳይ 6 ሚሊሜትር ነው። በሌላ ጊዜ በተነሣ ምስል 8 ተብሎ ቢጻፍ «በሁለት ሳምንት ውስጥ አደገ» ብለው አይደንግጡ፤ በሌላ አቅጣጫ ተለክቶ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን እንዲያዩልዎት ይጠይቁ።

በቱቦ ውስጥ ካሉ 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ከሆኑ ጠጠሮች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል በራሳቸው ይወጣሉ። ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር የሆኑት ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው የሚወጡት። ከ10 በላይ ከሆነ መጠበቁ ብዙም አያዋጣም።

3. ኩላሊቱ ማበጡን ይመልከቱ

«ሃይድሮኔፍሮሲስ» የሚለው ቃል ሽንት ታግዶ ኩላሊቱ መወጠሩን ይነግራል። ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ተብሎ ይመደባል። ቀላል እብጠት ከሕመሙ ጋር አብሮ የሚጠበቅ ነው፤ ኩላሊቱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የኩላሊቱን ሥራ የሚያሳየው የክሬአቲኒን የደም ምርመራ ነው፤ ካልተሠራልዎት ይጠይቁ።

4. ከመጠበቅዎ በፊት ሙቀትዎን ይለኩ

ሙቀት 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ብርድ ብርድ ካለዎት ጠጠሩ 3 ሚሊሜትርም ቢሆን ነገሩ ይለወጣል። ከጠጠሩ በላይ የታገደው ሽንት ተመርዞ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት የሚያሳጣ ሁኔታ ነው፤ አንቲባዮቲክ ብቻውንም አይበቃም። የታገደው ሽንት በቱቦ፣ ከውስጥ ወይም በጀርባ በኩል፣ በአስቸኳይ መውጣት አለበት፤ ጠጠሩን ማውጣት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሽንት ሙሉ በሙሉ ከቆመ፣ ትውከቱ መድኃኒት አላስቀምጥ ካለ፣ ወይም ያለዎት አንድ ኩላሊት ብቻ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

5. ለመጠበቅ ከተወሰነ

ሹፌሩ ትኩሳት የለውም፣ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ይሠራሉ፣ ሕመሙም በመድኃኒት ረግቧል። ስለዚህ ሐኪሙ እንዲጠብቅ ወሰነ። ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ ታዘዘለት፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ይህን መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር መውሰድ የለባቸውም። ቱቦውን የሚያላላ ታምሱሎሲን የሚባል ክኒንም ተጨመረለት። ይህ ክኒን በታችኛው ቱቦ ለቆመ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ለሆነ ጠጠር ይረዳል፤ ነገር ግን ከተቀመጡበት ሲነሡ ሊያዞር ስለሚችል መሪ ለሚይዝ ሰው አስቀድሞ መነገር አለበት።

«ብዙ ውሃ ጠጣና ግፋው» ወይም «ቢራ ያወርደዋል» የሚለው ምክር ስንቱን ሕመምተኛ እንዳስጨነቀ አይቻለሁ። ሕመሙ በበረታበት ሰዓት ውሃ ማብዛት ጠጠሩን አይገፋውም፤ የታገደውን ኩላሊት ይበልጥ ይወጥረዋል። ጥምዎን በሚያረካ ልክ ይጠጡ። ብዙ ውሃ የሚጠቅመው በኋላ፣ አዲስ ጠጠር እንዳይሠራ ነው፤ ያን ጊዜ በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ሽንት እስኪወጣዎት ድረስ ይጠጡ። ለሰዓታት ላለመቆም ብሎ ውሃ የሚሸሽ ሹፌርም ሆነ በገልፍ አገሮች ሙቀት ውስጥ የሚሠራ ወገን ይህን ልብ ይበል።

ሽንትዎን ሁሉ በሻይ ማጥለያ ወይም በጎዝ እያጠለሉ ይሽኑ። የሚወጣው የአሸዋ ቅንጣት ሊመስል ይችላል፤ በንጹሕ ደረቅ ብልቃጥ አስቀምጠው ይዘው ይሂዱ። ጠጠሩ ከምን እንደተሠራ ከታወቀ የሚቀጥለውን መከላከል ይቀልላል።

አጥብቄ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ጠጠሩ ወጣ አይበሉ። ጠጠሩ ባለበት ቆሞ ሕመሙ ሊረግብ ይችላል፤ ኩላሊቱ ግን ድምፅ ሳያሰማ ሊጎዳ ይችላል። ጠጠሩን በዓይንዎ ካላዩት በቀጠሮዎ ቀን አልትራሳውንድ ይነሡ፤ በእሱ ካልተለየ ሐኪሙ አነስተኛ ጨረር ያለው ሲቲ ስካን ሊያዝ ይችላል። የመጠበቂያው ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው፤ ከዚያ አያስረዝሙት።

6. ካልወጣ

እንዲህ ያለውን ጠጠር የሽንት ቱቦ ሐኪም በሽንት መውጫ በኩል በቀጭን መሣሪያ ገብቶ በሌዘር ይሰብረዋል፤ ቆዳ አይቀደድም። ሌላው መንገድ ከውጭ በሚላክ የድምፅ ሞገድ ማድቀቅ ነው። ኩላሊት ውስጥ ያለ ከ20 ሚሊሜትር የሚበልጥ ጠጠር ግን በአብዛኛው በጀርባ በኩል በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። ከሕክምናው በኋላ ስቴንት የሚባል ለስላሳ ቱቦ ከተተወልዎት የሚወጣበትን ቀን በጽሑፍ ይቀበሉ። ለወራት የተረሳ ስቴንት ራሱ ጠጠር ይለብስና ማውጣቱ ከመጀመሪያው ሕክምና የከበደ ይሆናል።

ሹፌሩ በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ማጥለያው ላይ ቡናማ ቅንጣት አገኘ። አልትራሳውንዱም የግራ ኩላሊቱ እብጠት መጉደሉን አሳየ። በቀኝ ኩላሊቱ ያለው 4 ሚሊሜትር ጠጠር መንገድ ስላልዘጋ ባለበት ተትቶለት፣ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና እንዲታይ ቀጠሮ ተይዞለታል።