ገቢ በ10 በመቶ ቢቀንስ ዓመታዊው ውጤት ምን ይሆናል? በስሌቱ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዓመታዊ በጀት ለቦርድ በሚቀርብበት ጊዜ በተደጋጋሚ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ «ገቢያችን በ10 በመቶ ቢቀንስስ?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የሂሳብ ባለሙያዎች ሴንሲቲቪቲ አናሊሲስ የሚሉት ስሌት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ይሁን እንጂ በዚያች አንዲት ገጽ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች ድርጅቱ ያለ በቂ ምክንያት ሠራተኛ እንዲቀንስ ወይም በተቃራኒው መቀነስ ሲገባው ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ያደርጉታል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንመልከተው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተዘጋጁ ናቸው። በአዲስ አበባ አጸደ ሕፃናት የሚያስተዳድር፣ ጎን ለጎንም በለጋሽ ገንዘብ የልጆች ድጋፍ ፕሮጀክት የሚያካሂድ አንድ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት አለ እንበል፤ የበጀት ዓመቱም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የዓመቱ ገቢ 20 ሚሊዮን ብር ሲሆን፣ 10 ሚሊዮኑ ለፕሮጀክቱ ብቻ እንዲውል ከለጋሽ የተሰጠ፣ 7 ሚሊዮኑ ከአጸደ ሕፃናቱ ክፍያ፣ 3 ሚሊዮኑ ደግሞ ከአባላት መዋጮና ከዓመታዊ የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት የሚገኝ ነው። ወጪው 19.2 ሚሊዮን ብር ነው፤ ይኸውም 9 ሚሊዮን ለፕሮጀክቱ ቀጥተኛ ሥራ፣ 4.2 ሚሊዮን ለመምህራንና ለሞግዚቶች ደመወዝ፣ 2.2 ሚሊዮን ለልጆቹ ምግብና መማሪያ ቁሳቁስ፣ ቀሪው 3.8 ሚሊዮን ለቢሮ ኪራይ፣ ለአስተዳደር ሠራተኞችና ለመሳሰሉት ይወጣል። ለጋሹ ከሰጠው 10 ሚሊዮን ውስጥ 1 ሚሊዮኑ ለእነዚህ የአስተዳደር ወጪዎች መደገፊያ የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ዓመቱ 800 ሺህ ብር ከወጪ ቀሪ ይዞ ይዘጋል።

የመጀመሪያው ስህተት «ገቢው 10 በመቶ ከቀነሰ ከወጪ ቀሪውም 10 በመቶ ይቀንሳል» ብሎ 800 ሺሁን ወደ 720 ሺህ ማውረድ ነው። ይህን በግልጽ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ቢሆንም፣ ሳይታወቅ ወደዚያው የሚያደርስ መንገድ አለ፤ እርሱም በኤክሴል ሠንጠረዡ ላይ የገቢውንም የወጪውንም መስመር በሙሉ በ0.9 ማባዛት ነው። ገቢው 18 ሚሊዮን፣ ወጪው 17.28 ሚሊዮን ይሆንና ልዩነቱ ያው 720 ሺህ ይወጣል። ሠንጠረዡ ዝርዝርና የተሟላ ይመስላል፤ ነገር ግን አከራዩ ኪራይ እንደሚቀንስ፣ የሂሳብ ሠራተኛዋም ከደመወዟ አንድ አሥረኛውን እንደምትተው አድርጎ አስቦ የተሠራ ነው። በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ ከወጪ አንድም ብር አይቀንስም ብሎ የሚያሰላ አለ፤ እርሱም የ1.2 ሚሊዮን ብር ጉድለት ያገኛል። እውነተኛው መልስ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ሲሆን፣ የት ላይ እንዳለ የሚወስነው እያንዳንዱ ወጪ ገቢው ሲቀንስ የሚያሳየው ጠባይ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ወጪዎችን በስማቸው ብቻ አይቶ «ቋሚ» እና «ተለዋዋጭ» ብሎ መመደብ። ሦስቱም የገቢ ምንጮች እኩል 10 በመቶ ቀነሱ እንበል። ከለጋሹ 1 ሚሊዮን ይጎድላል፤ ከዚህ ውስጥ 900 ሺሁ የፕሮጀክቱ ቀጥተኛ ሥራ በመሆኑ ሥራው ሲቀንስ ወጪውም አብሮ ይቀንሳል። ከክፍያ 700 ሺህ፣ ከመዋጮ 300 ሺህ ይጎድላል። ልጆቹ በአሥር በመቶ ካነሱ ምግብና ቁሳቁስ በ220 ሺህ ይቀንሳል። ጠቅላላ የሚድነው ወጪ 1.12 ሚሊዮን ስለሚሆን ድርጅቱ ዓመቱን በ80 ሺህ ብር ጉድለት ይዘጋል። ነገር ግን ክፍያው የቀነሰው ልጆች ስለ አነሱ ሳይሆን ወላጆች መክፈል ስላቃታቸው ከሆነ፣ ልጆቹ በየቀኑ ይመጣሉ፣ ይመገባሉም፤ ስለዚህ 220 ሺሁ አይድንም፣ ጉድለቱም ወደ 300 ሺህ ያድጋል። የምግብ ወጪ የሚከተለው የልጆቹን ቁጥር እንጂ የሚከፈለውን ብር አይደለም። የመምህራን ደመወዝ ደግሞ የልጆቹንም ቁጥር አይከተልም፤ ሠላሳ ልጆች ይዞ የነበረ ክፍል ሃያ ሰባት ቢቀሩበትም አንድ መምህርት ያስፈልገዋል። ደመወዙ የሚቀንሰው አንድ ክፍል ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ስህተት፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው፣ 10 በመቶው ከየትኛው ምንጭ እንደጎደለ አለመጠየቅ ነው። በተግባር ሁሉም ምንጮች በአንድ ጊዜ እኩል የሚቀንሱበት ዓመት እምብዛም አይገኝም፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ በድንገት ይወድቃል፣ ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ። ያችኑ 2 ሚሊዮን ብር በየተራ ከአንድ ምንጭ ብቻ እንቀንሳት። ከለጋሹ ብቻ ከጎደለች፣ 1.8 ሚሊዮኑ ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር አብሮ ስለሚቀር ድርጅቱ አሁንም 600 ሺህ ብር ይተርፈዋል። ከአጸደ ሕፃናቱ ክፍያ ብቻ ከጎደለችና ምክንያቱ የልጆች ማነስ ከሆነ፣ ከምግብና ከቁሳቁስ 630 ሺህ ያህል ይድንና ጉድለቱ 570 ሺህ ገደማ ይሆናል። ከመዋጮና ከዝግጅቱ ከጎደለች ግን ከእርሷ ጋር አብሮ የሚቀንስ ምንም ወጪ የለም፤ ጉድለቱ ሙሉ 1.2 ሚሊዮን ነው። የገቢው ቅናሽ በሦስቱም አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ውጤቱ ከ600 ሺህ ትርፍ እስከ 1.2 ሚሊዮን ጉድለት ይዘረጋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በመጠን ትልቁ የገቢ ምንጭ ለዓመታዊው ውጤት ትንሹ ስጋት መሆኑ፣ ትንሹ ምንጭ ደግሞ ትልቁ ስጋት ሆኖ መገኘቱ ነው። አንድ ሥራ አስኪያጅ ጊዜውን ሁሉ ለለጋሹ ሪፖርት ሰጥቶ የአባላቱን መዋጮ ቸል ካለ፣ አጠቃላይ ድምሩን ብቻ የሚያሳይ ስሌት አያስጠነቅቀውም። እርግጥ ነው፣ ፕሮጀክቱ ሲቀንስ ድጋፉን የሚያጡ ልጆች አሉ፤ ይህ ግን በሌላ ሰነድ ላይ የሚመዘን እንጂ በገቢና ወጪ መግለጫው ላይ የሚታይ ጉዳት አይደለም።

ከለጋሽ የሚመጣው ገንዘብ በዶላር ከሆነ፣ 10 በመቶው የዶላር ነው ወይስ የብር የሚለውን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በዶላር የቀነሰ ድጋፍ በብር ሲመነዘር ጨምሮ ሊታይ ይችላል።

አራተኛው ስህተት ጊዜን መርሳት ነው። ስሌቱ ብዙ ጊዜ «ገቢው ከቀነሰ ሁለት ሠራተኞችን እንቀንሳለን» በሚል ማስታወሻ ይዘጋል፤ በሠንጠረዡም ላይ የሁለቱ ሠራተኞች የአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ እንደዳነ ይቆጠራል። ነገር ግን ቅናሹ የሚታወቀው ሐምሌ 1 ላይ አይደለም። የክፍያው መጠን የሚለየው ትምህርት ተጀምሮ ምዝገባ ሲያልቅ ነው፤ ቦርዱ ተሰብስቦ እስኪወስን ደግሞ ጥር ሊደርስ ይችላል። በወር 15 ሺህ ብር የምታገኝ፣ አራት ዓመት ያገለገለች አንዲት ሠራተኛ በጥር መጀመሪያ በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ማስጠንቀቂያ ተሰጣት እንበል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሁለት ወር ስለሆነ የጥርና የየካቲት ደመወዟ ይከፈላል። የሚድነው ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያለው የአራት ወር ደመወዝ፣ ማለትም 60 ሺህ ብር ነው። በሌላ በኩል የሥራ ስንብት ክፍያ አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የሠላሳ ቀን ደመወዝ፣ ለተጨማሪዎቹ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ የዚህ አንድ ሦስተኛ፣ ሲደመር የስልሳ ቀን ደመወዝ ነው። ውሉ የተቋረጠው በቅነሳ ስለሆነ ደግሞ አዋጁ ተጨማሪ የስልሳ ቀን ደመወዝ ያዛል። ሁለቱ ሲደመሩ በግምት የአራት ወር ደመወዝ፣ ማለትም ያው 60 ሺህ ብር ይሆናል፤ ያልተጠቀመችበት የዓመት ፈቃድ ካለም በዚያ ላይ ይታከላል። በዚህ በጀት ዓመት የዳነ ምንም ነገር የለም ማለት ነው፤ ቁጠባው የሚታየው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ስለዚህ በስሌቱ ላይ ማንኛውም የወጪ ቅነሳ ሲመዘገብ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሚሠራና ራሱ ምን ያህል ወጪ እንደሚያስከትል አብሮ መመዝገብ አለበት። የቢሮ ኪራይም ቢሆን ውሉ እስኪያልቅ ድረስ የሚታሰረው በዚሁ መንገድ ነው።

በአገራችን ለሦስተኛ ወገን ጥቅም በተቋቋሙ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ላይ ደግሞ ከትርፍና ከጉድለት ውጭ የሚታይ አንድ ገደብ አለ፤ ይህን መዘንጋት አምስተኛው ስህተት ነው። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በምሳሌያችን ያለው 3.8 ሚሊዮን በሙሉ የአስተዳደር ወጪ ተብሎ ከተመደበ ከ20 ሚሊዮኑ 19 በመቶ ስለሆነ በገደቡ ውስጥ ነው። ገቢው ወደ 18 ሚሊዮን ሲወርድ ግን ያው 3.8 ሚሊዮን 21 በመቶን ያልፋል፤ ቢሮው አንድ ብር ሳይጨምር ድርጅቱ ገደቡን ጣሰ ማለት ነው። ለመመለስ 200 ሺህ ብር ከአስተዳደር መቀነስ ይኖርበታል። ከላይ በተሠራው የሦስቱም ምንጮች እኩል ቅናሽ ላይ ይህ ቢፈጸም 80 ሺሁ ጉድለት ወደ 120 ሺህ ትርፍ ይለወጣል። ይሁን እንጂ ይህ የሚሆነው ቅነሳው በዓመቱ ውስጥ በእርግጥ የሚቻል ከሆነ ነው፤ ያ ደግሞ ወደ አራተኛው ስህተት ይመልሰናል። በሦስተኛው ነጥብ ላይ ትንሹ ስጋት ያልነው የለጋሽ ገንዘብ ቅናሽም ቢሆን ገደቡን የሚያስጥሰው በዚያው መጠን ነው፤ 600 ሺህ እየተረፈው ሕግ የጣሰ ድርጅት ሊኖር ይችላል።

የባንክ ሂሳብን ከዓመታዊ ውጤት ጋር ማምታታትም የተለመደ ነው። ለጋሹ አስቀድሞ ያስገባውና ገና ያልተሠራበት ገንዘብ በባንክ ስለሚቆይ፣ ጉድለት ላይ ያለ ድርጅት የባንክ መግለጫው ላይ የደላው ሊመስል ይችላል።

በመጨረሻም፣ 10 በመቶ የሚለው ቁጥር ራሱ ለስሌት ምቹ ስለሆነ የተመረጠ እንጂ ልዩ ትርጉም ያለው አይደለም፤ እዚያ ላይ ማቆም ደግሞ ቦርዱ በእርግጥ ሊያውቀው የሚፈልገውን ሳይነግሩት መቅረት ነው። ሦስቱም ምንጮች እኩል ሲቀንሱና ልጆቹም አብረው ሲያንሱ፣ እያንዳንዱ አንድ በመቶ ቅናሽ 200 ሺህ ገቢ አሳጥቶ 112 ሺህ ወጪ ያድናል፤ ማለትም ውጤቱን በ88 ሺህ ብር ይጎዳዋል። 800 ሺሁ ለ88 ሺህ ሲካፈል ከወጪ ቀሪው የሚያልቀው ገቢው በ9 በመቶ ገደማ ሲቀንስ እንደሆነ ያሳያል። በአንድ ምንጭ ብቻ ሲታይ ደግሞ መዋጮው በ27 በመቶ ገደማ፣ የአጸደ ሕፃናቱ ክፍያ በልጆች ማነስ የተነሣ በ17 በመቶ ገደማ እስኪቀንስ ድረስ ድርጅቱ ጉድለት ውስጥ አይገባም። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በየሩብ ዓመቱ ከሚሰበሰበው ገቢ ጎን ቢቀመጡ፣ ሒሳብ ሹሙ በታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የምዝገባውን ውጤት አይቶ ቦርዱን ከጥር በፊት ለመጥራት ይችላል።