ቀን ላይ መስታወታችሁ ምን ያሳያል?

አዳማ ዋናው መንገድ ላይ የጫማ ሱቅ ያላችሁ፣ እኩለ ቀን ላይ መንገዱን ተሻግራችሁ የሱቃችሁን መስታወት በስልክ ፎቶ አንሱት። በጫማው ፈንታ ባጃጅና ሰማይ ከታየ፣ ውጭው ከውስጡ ስለሚደምቅ መስታወቱ እያንጸባረቀ ነው። አላፊ አግዳሚው ራሱን አይቶ ያልፋል።

አምፖል መጨመር ብቻውን የአዳማን ፀሐይ አያሸንፍም። መጀመሪያ ከመስታወቱ በላይ ወደ ውጭ የወጣ የሸራ ጥላ አሠሩ። ቀጥሎ ጫማውን ወደ መስታወቱ አስጠጉና ከኋላው ነጣ ያለ ሰሌዳ አቁሙ፤ ጥቁር ጀርባ ነጸብራቁን ያጎላዋል። አምፖሉንም ከመስታወቱ ጠርዝ በላይ ሰቅላችሁ ወደ ጫማው አዙሩት። ከጫማው ኋላ ከሆነ ፊቱ ይጨልማል። መስታወቱን በስቲከር የሞላችሁትማ፣ መጀመሪያ እሱን ላጡት! ከዚያ በዚያው ሰዓት ፎቶውን ድገሙት። አሁንም ባጃጁ ከጎላ ጥላው አጥሮ ሊሆን ይችላል።