የጎልፍ ሃንዲካፕ፦ ጨዋታውን የሚያዛቡ አምስት ስህተቶች

አንዱ ተጫዋች 18ቱን ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ከ80 ትንሽ በሚበልጥ ምት ይጨርሳል። ሌላው ወደ 100 ይጠጋል። በጎልፍ የሚያሸንፈው ያነሰ ምት የመታው ነው። እንዲሁ ቢገጥሙ ውጤቱ ከመጀመሪያው ምት በፊት ታውቋል። ሃንዲካፕ ያለው ለዚህ ነው። ደካማው በተወሰኑ ቀዳዳዎች ላይ አንድ ምት ይቀነስለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚያሸንፈው በዕለቱ ከአቅሙ በላይ የተጫወተው ነው። ግን ቁጥሩ በትክክል ካልወጣ፣ ወይም በትክክል ወጥቶ በተሳሳተ ቦታ ከዋለ፣ ፍትሐዊነቱ ይቀራል። ከታች ያሉት ስህተቶች በ2020 ሥራ ላይ ከዋለው የዓለም የሃንዲካፕ ሥርዓት አንጻር የተጻፉ ናቸው።

1. ሃንዲካፕን የአማካይ ውጤት አድርጎ መውሰድ

በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። ሥርዓቱ የመጨረሻዎቹን 20 ዙሮች ይይዛል፤ ከነሱ ውስጥ የተሻሉትን 8 ብቻ መርጦ አማካያቸውን ያወጣል። ሌሎቹ 12 ስሌቱ ውስጥ አይገቡም። የሚወጣው ቁጥር ሃንዲካፕ ኢንዴክስ ይባላል። የሚናገረውም ጥሩ ቀን ሲገጥምህ ምን መሥራት እንደምትችል ነው።

ስለዚህ በአብዛኛው ቀን ከሃንዲካፕህ በላይ ብትመታ የተበላሸ ነገር የለም። እንዲያውም ሊያጠራጥር የሚገባው በየሳምንቱ ከሃንዲካፑ አሳንሶ የሚጨርስ ሰው ነው።

ለጀማሪ 20 ዙር አያስፈልግም። በድምሩ 54 ቀዳዳ ተጫውቶ ውጤቱን ካስመዘገበ ኢንዴክስ ያገኛል። ከፍተኛው ቁጥር 54.0 ነው።

2. የከሸፈውን ቀዳዳ እንዳለ መመዝገብ

አንድ ቀዳዳ ላይ ኳስ ውሃ ገባ፣ ሌላው ጫካ ገባ፣ በመጨረሻ 10 ምት ተመዘገበ። ለሃንዲካፕ ሲባል ይህ 10 እንዳለ አይገባም። ለአንድ ቀዳዳ የሚመዘገበው ከፍተኛ ውጤት የቀዳዳው ፓር፣ ሲደመር 2፣ ሲደመር በዚያ ቀዳዳ ላይ የሚቀነስልህ ምት ነው። ስሙ ኔት ደብል ቦጊ ነው። ፓር ማለት ጥሩ ተጫዋች ቀዳዳውን ይጨርስበታል ተብሎ የሚጠበቀው የምት ብዛት ነው።

በምሳሌ እንየው። ኢንዴክሱ 21.6 የሆነ ተጫዋች ፓሩ 72 በሆነ ሜዳ ላይ 99 መታ። የሜዳው ኮርስ ሬቲንግ 70.8፣ ስሎፑ 128 ነው። ኮርስ ሬቲንግ ማለት ሃንዲካፑ ዜሮ የሆነ ተጫዋች በዚያ ሜዳ ይመታል ተብሎ የሚጠበቀው ውጤት ነው። ስሎፕ ደግሞ ሜዳው ደካማውን ተጫዋች ከጠንካራው ይበልጥ ምን ያህል እንደሚቀጣ ያሳያል፤ የመደበኛ ሜዳ ስሎፕ 113 ነው።

ከ99ኙ ውስጥ 10ሩ የተመታው ፓር 4 የሆነ ቀዳዳ ላይ ነው። ተጫዋቹ እዚያ 1 ምት ይቀነስለታል። ስለዚህ የሚመዘገብለት 4 + 2 + 1፣ ማለትም 7 ነው። ድምሩ ከ99 ወደ 96 ይወርዳል። አሁን ከ96 ላይ 70.8 ቀንሰን፣ በ113 አባዝተን ለ128 ስናካፍል 22.2 እናገኛለን። የዚያ ዙር ዋጋ ይሄ ነው። 99ኙን እንዳለ ብናስገባው ኖሮ 24.9 ይሆን ነበር። አንድ ክፉ ቀዳዳ ዙሩን በ2.7 አበላሸው ማለት ነው፤ ያ ዙር ከ8ቱ አንዱ ቢሆን ኢንዴክሱ ያለ አግባብ ያብጣል።

ገና ኢንዴክስ ለሌለው ሰው ጣሪያው ፓር ሲደመር 5 ነው።

3. ተቃዋሚ የለቀቀውን ምት አለመቁጠር

በማች ፕሌይ የሚወዳደሩት ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ኳሱ ቀዳዳው አጠገብ ሲቆም ተቃዋሚ «ተወው፣ ገብቷል» ሊል ይችላል። ለግጥሚያው በቃ፣ አለቀ። የማች ፕሌይ ዙር ለሃንዲካፕ በሚመዘገብበት አገር ግን ያ ያልተመታ ምት መቆጠር አለበት። የሚጻፈው እስከዚያ የተመታው ምት ሲደመር ለመጨረስ ይፈጅ የነበረው ነው። ኳሱ ግሪን ላይ፣ ማለትም ቀዳዳው ባለበት አጭር ሣር ላይ ሆኖ ለቀዳዳው ከአንድ ሜትር ተኩል ባነሰ ርቀት ላይ ከነበረ 1 ይደመራል። ከዚያ ርቆ እስከ 18 ሜትር ገደማ ከሆነ እንደ ኳሱ አቀማመጥና እንደ ተጫዋቹ ችሎታ 2 ወይም 3 ይሆናል። ይህን የሚዘል ሰው ሳያስበው ሃንዲካፑን ዝቅ ያደርጋል፤ በሚቀጥለው ግጥሚያም የሚገባውን ምት ያጣል።

4. ኢንዴክስን ቀጥታ ይዞ ሜዳ መግባት

ኢንዴክስ የየትኛውም ሜዳ ቁጥር አይደለም። በዕለቱ ወደሚጫወቱበት ሜዳ መቀየር አለበት። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ኢንዴክስ × ስሎፕ ÷ 113 + (ኮርስ ሬቲንግ − ፓር)። የሚወጣው ቁጥር ኮርስ ሃንዲካፕ ይባላል።

ባለ 21.6ቱ ኢንዴክሱ 9.4 ከሆነ ሰው ጋር በዚያው ሜዳ ሊገጥም ነው እንበል። ኢንዴክሳቸውን ብቻ ቢያነጻጽሩ ልዩነቱ 12.2 ነው፤ 12 ምት ይሰጣሉ። ወደ ሜዳው ስንቀይረው ግን ባለ 9.4ቱ 10.6 − 1.2፣ ተጠጋግቶ 9 ይሆናል። ባለ 21.6ቱ 24.5 − 1.2፣ ተጠጋግቶ 23 ይሆናል። ልዩነቱ 14 ነው። ሁለት ምት ማለት ሁለት ቀዳዳ ላይ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል፤ በማች ፕሌይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሜዳው በከበደ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል፤ የስሎፕ ሥራ ይህ ነው። ሁለቱ ከተለያየ ቲ፣ ማለትም ከተለያየ የመነሻ ቦታ፣ የሚመቱ ከሆነ እያንዳንዱ የሚያሰላው በራሱ ቲ ቁጥሮች ነው።

5. ምቱን ያለ ቦታው ማከፋፈል

14 ምት አለ፤ ግን የት የት? ካርዱ ላይ ስትሮክ ኢንዴክስ የሚል መስመር አለ፤ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ከ1 እስከ 18 ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ምት የሚሰጠው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ቁጥሩ የቀዳዳዎቹን ተራ አይከተልም። ባለ 23ቱ ስትሮክ ኢንዴክሳቸው ከ1 እስከ 14 በሆኑ ቀዳዳዎች ላይ አንድ አንድ ምት ይቀነስለታል። ከ15 እስከ 18 ባሉት እኩል ይጫወታሉ። ባለ 9ኙ ምንም አይቀነስለትም።

ስትሮክ ኢንዴክስ 3 በሆነ ፓር 4 ላይ ጠንካራው 5፣ ደካማው 6 ቢመቱ፣ የደካማው የተጣራ ውጤት 5 ነው። ቀዳዳውን ይካፈሉታል። ስትሮክ ኢንዴክስ 16 በሆነ ፓር 3 ላይ 3 ለ4 ቢሆን ግን ጠንካራው አሸነፈ፤ እዚያ የሚቀነስ ምት የለም።

አንዳንዶች ሁለቱም ሙሉ ሃንዲካፓቸውን ይውሰዱ፣ ልዩነቱ ያው 14 ነው ይላሉ። ድምሩ ልክ ነው፤ ቦታው ግን ይዛባል። ባለ 23ቱ በ18ቱም ላይ አንድ አንድ፣ ከ1 እስከ 5 ባሉት ደግሞ ሁለት ሁለት ያገኛል። ባለ 9ኙ ከ1 እስከ 9 ባሉት አንድ አንድ ያገኛል። ከ6 እስከ 9 ባሉት ላይ እኩል ሆኑ ማለት ነው፤ ደካማው ብልጫውን አጣ። በምትኩ ከ15 እስከ 18 ባሉት፣ ምንም በማያስፈልገው ቦታ ላይ፣ ምት ተሰጠው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይምታታ። 14ቱ የግጥሚያው ቁጥር ነው። በሁለተኛው ነጥብ ያየነው የኔት ደብል ቦጊ ጣሪያ ግን ሁሌም የሚሰላው በሙሉው 23 ነው። ስለዚህ ያው ሰው ስትሮክ ኢንዴክስ 3 በሆነው ፓር 4 ላይ በግጥሚያው 1 ምት ቢቀነስለትም፣ ለሃንዲካፑ ሲመዘግብ 2 ምት ይታሰብለታል፤ ጣሪያውም 8 ነው።