የልጅ ቶንሲል መድኃኒት እስከ 10ኛው ቀን እንዴት ይሰጣል

የልጅ ቶንሲል ሕክምና የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ጠርሙሱ ሲያልቅ ነው። ሽሮፑ አለቀ፣ ልጁ ድኖ ይሯሯጣል፣ ወላጅም «መድኃኒቱን ጨርሷል» ይላል። የታዘዘው ግን ለ10 ቀን ነበር፤ አንዱ ጠርሙስ የያዘው ምናልባት የ5 ቀን ነው። አዳማ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው፣ ደንበኛ ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ምርመራውን ለሐኪም ትቼ ከመድኃኒቱ በኋላ ያለውን ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ጉሮሮውን እዩት

እኛ ጉሮሮው የታመመ ልጅ ሁሉ ቶንሲል ያዘው እንላለን። አብዛኛው ግን ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርግለትም። አፍንጫው የሚፈስ፣ የሚያስል፣ ድምፁ የጎረነነ፣ ዓይኑ የቀላ ልጅ ብዙውን ጊዜ ጉንፋን ነው የያዘው። በዚህ ከተማ ነፋስና አቧራ ደግሞ ሳል ብርቅ አይደለም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ፣ ድንገት ትኩሳት፣ ሲውጥ የሚያስለቅስ ህመም፣ ከመንጋጋው ስር ሲነኩት የሚያመው እብጠት፣ ቶንሲሉ ቀልቶ አንዳንዴ ነጭ መግል የያዘ፣ ሳል ግን የሌለው። አንዳንዱ ልጅ ሆዴን ይላል ወይም ያስመልሰዋል። ይሄ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ምርመራው በየቦታው ስለማይገኝ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በእነዚሁ ምልክቶች ነው የሚወስነው። ልጁ ይመዘን፤ ኪሎው በኋላ ያስፈልገናል። ፔኒሲሊን አለርጂ ካለበት ሳይጠየቅም ተናገሩ።

እንጥል ማስቆረጥ፣ ቶንሲል በጣት ማስፈረጥ አሁንም አለ። ባክቴሪያውን አያወጣም፣ ደምና ሌላ ኢንፌክሽን ነው የሚያተርፈው። ዝንጅብልና ማር ለህመሙ ጥሩ ነው፣ በዚያ አልጣላም።

ሁለት ሦስት ቀን ዘግይታችሁ ከሆነ አትደንግጡ። ይህ ባክቴሪያ ካልታከመ በኋላ ልብን ሊያስጎዳ ይችላል፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ፤ ግን ህመሙ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ መድኃኒቱ ከተጀመረ ልብን የመከላከሉ ሥራ አሁንም ይሠራል።

መርፌ ወይስ ሽሮፕ

ይህን እዚያው ሐኪሙን ጠይቁ። ቤንዛታይን ፔኒሲሊን የሚባል መርፌ አለ፤ አንድ ጊዜ ተወግቶ በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ይለቃል፣ የ10 ቀኑንም ሥራ ይሠራል። ከ27 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ 600 ሺህ ዩኒት፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ነው። ያማል፤ ልጁ ያን ቀን ሊያነክስ ይችላል። የሚወጋውም የአለርጂ ችግር ቢፈጠር እርዳታ ባለበት ጤና ተቋም እንጂ ሰፈር ውስጥ አይደለም።

የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው። ልጁ ቀን ከሞግዚት ጋር የሚውል ከሆነ፣ ወላጆች በፈረቃ የሚሠሩ ከሆነ ወይም ያለፈውን ሽሮፕ ግማሹን ጥላችሁ ከነበረ መርፌው ይሻላችኋል። አንድ ለቅሶ ነው፣ ያልቃል።

አንዳንዱ ደግሞ «የ3 ቀኗን ስጠኝ» ይለኛል፣ አዚትሮማይሲንን ማለቱ ነው። እሷ ፔኒሲሊን ለማይስማማቸው በሐኪም ትዕዛዝ የምትሰጥ ናት። አጭር ስለሆነች ብቻ አትመረጥም፤ የለመዷት ባክቴሪያዎች አሉ። ፔኒሲሊንን ግን ይህ የጉሮሮ ባክቴሪያ እስካሁን አልተላመደውም። አሮጌና ርካሽ መድኃኒት ነው፣ ግን የሚበልጠው አልተገኘም።

ጠርሙሱን ቁጠሩ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው።

አንዲት 20 ኪሎ የምትመዝን የ6 ዓመት ልጅ እንውሰድ። አሞክሳሲሊን ታዘዘላት። የተለመደው መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ 50 ሚሊግራም ነው፤ ስለዚህ በቀን 1000፣ ጠዋት 500 ማታ 500። ሽሮፑ ላይ «250 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር» ተጽፏል። ስለዚህ 500 ማለት 10 ሚሊሊትር ነው። ጠዋት 10፣ ማታ 10፣ በቀን 20። በ10 ቀን 200 ሚሊሊትር። ጠርሙሱ የሚይዘው 100 ነው። ስለዚህ ሁለት ጠርሙስ ያስፈልጋታል፤ የመጀመሪያው ልክ 5ኛው ቀን ማታ ያልቃል።

5ኛው ቀን ደግሞ ልጅቷ ድናለች። ትኩሳቱ ከሄደ ቆይቷል፣ ትምህርት ቤት ተመልሳለች። ያኔ ሁለተኛውን ጠርሙስ ለመግዛት በባጃጅ ተመልሶ የሚመጣ ወላጅ ጥቂት ነው። አንድ አባት የሴት ልጁን ማዘዣ ሰጥቶኝ «ዶክተር፣ ለጊዜው አንዱን ስጠኝ፣ ሲያልቅ መጥቼ እወስዳለሁ» አለኝ። ወር ደሞዝ ሳይደርስ ነበር፣ ይገባኛል። «ወንድሜ፣ ከቻልክ ሁለቱንም ዛሬ ውሰድ፣ ካልቻልክ ተመልሰህ ሐኪሙን መርፌ ይሆናል ወይ በለው» አልኩት። ሄዶ አስወጋት፤ ከሁለት ጠርሙስም በዋጋ ቀለለው።

ስለዚህ ከመስኮቱ ሳትነሱ ይህን ጠይቁ፦ «ይሄ ለስንት ቀን ይበቃል?» መልሱ 10 ካልሆነ ቀሪውን አብራችሁ ግዙ።

ሌላው ወጥመድ ጥንካሬው ነው። ያው አሞክሳሲሊን 125 በ5 ሚሊሊትር የሆነም አለ። ጠርሙሱ ይመሳሰላል፣ ውስጡ ያለው ግን ግማሽ ነው። ባለፈው 10 ሚሊሊትር ስለተባላችሁ ዘንድሮም 10 አትስጡ። ቁጥሩን በየጊዜው አንብቡ። ከላይ ያለው ስሌት የሚያሳየው አካሄዱን ነው፤ የልጃችሁ መጠን ሐኪሙ የጻፈው ነው።

መበጥበጥና ማስቀመጥ

ዱቄቱን መታ መታ አድርጋችሁ አላቁት። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ከምልክቱ መስመር በታች አድርጉና በደንብ በጥብጡ። አረፋው ሲወርድ እስከ መስመሩ ሙሉት። እስከ አንገቱ የሚሞሉ አሉ፤ ያኔ መድኃኒቱ ይቀጥናል፣ ልጁም በየቀኑ የሚያገኘው ያነሰ ይሆናል።

ከተበጠበጠ በኋላ ብዙው 7 ቀን ነው የሚቆየው፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን እዩ። ሁለተኛውን ጠርሙስ የመጀመሪያው ሳያልቅ እንዳትበጠብጡት የምለው ለዚህ ነው። የአዳማ ሙቀት ለሽሮፕ አይመችም። ፍሪጅ ካለ እዚያ፣ ከሌለ ወይም መብራት የሚመላለስ ከሆነ ፋርማሲውን በውሃ የሚሟሟ የአሞክሳሲሊን እንክብል እንዳለው ጠይቁ። በየጊዜው አንድ መጠን ስለምታሟሙ የመበላሸት ጣጣ የለውም።

የሻይ ማንኪያ ተዉት። አንዱ 3 ሚሊሊትር ይይዛል ሌላው 6። መርፌ የሌለው 10 ሚሊሊትር ሲሪንጅ ከኛው ዘንድ በጥቂት ብር ይገኛል።

ከተረሳ እንዳስታወሳችሁ ስጡ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ግን አትስጡ። ከዋጠ ብዙም ሳይቆይ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ ካስመለሰው ድገሙለት። ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ከወጣ አቁሙና ሐኪም አማክሩ፤ ፊቱ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል።

ድኖ ሳለ ለምን?

የጉሮሮው ህመም መድኃኒት ባይሰጥም በሦስት አራት ቀን እየቀለለ ይሄዳል። ስለዚህ መዳኑ ባክቴሪያው መጥፋቱን አያሳይም። መድኃኒቱን የምንሰጠው በዋናነት ባክቴሪያውን ከጉሮሮ ጠርገን ለማውጣት ነው።

ካልወጣ ሰውነት መዋጋቱን ይቀጥላል። የዚህ ባክቴሪያ ገላ ላይ ያለ ፕሮቲን ደግሞ ከልብና ከመገጣጠሚያ ሥጋ ጋር ይመሳሰላል። የሰውነት መከላከያ ለባክቴሪያው ያዘጋጀውን መሣሪያ ወደ ራሱ ልብ ያዞራል። ጥበቃ ሌባ መስሎት የቤቱን ልጅ እንደመምታት ነው። ይህ ነው ሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው። የሚጎዳው የልብ ቫልቭን ነው፣ በተለይ በግራ በኩል ያለውን ማይትራል የሚባለውን። ጠባሳ የያዘ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም ወይም አይከፈትም፤ ከዓመታት በኋላ ደረጃ ሲወጡ መተንፈስ የሚያቅተው ወጣት፣ እርግዝና ላይ የምትታመም እናት ከዚያ ትመጣለች። ቫልቭ መጠገን ወይም መቀየር ደግሞ የልብ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ያም እንደልብ የሚገኝ አይደለም።

እያንዳንዱ ልጅ እዚያ ይደርሳል ማለት አይደለም። ሳይታከሙም ሩማቲክ የሚይዛቸው ከመቶ ጥቂቶቹ ናቸው። ችግሩ የማንኛው ልጅ ተራ እንደሆነ አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። ኢንተርኔት ላይ «5 ቀን ይበቃል» የሚል ካነበባችሁ፣ እንዲህ ያለው መመሪያ ሩማቲክ ከጠፋ ከቆየባቸው እንደ እንግሊዝ ካሉ አገሮች ነው የመጣው። እኛ ጋ አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት

ሩማቲክ ከጉሮሮው ህመም በኋላ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ያኔ ቶንሲሉ ተረስቷል። ዛሬ ጉልበቱ ያብጣል፣ ከነገ ወዲያ እሱ ተሽሎ ቁርጭምጭሚቱ ወይም ክርኑ ያመዋል፤ ህመሙ ይዘዋወራል። ትኩሳት አለው። «እድገት ነው» ብላችሁ፣ ወይም ከኛ አይቡፕሮፌን ገዝታችሁ አትቆዩ። እንዲህ ያለ መድኃኒት መገጣጠሚያውን ቶሎ ስለሚያሽለው ሐኪሙ ሊያየው የሚገባውን ምልክት ይደብቃል፣ ልቡ ግን አይታከምም።

ሲጫወት ቶሎ የሚደክመው፣ ተኝቶ የሚያፍነው ከሆነ ፈጥናችሁ ውሰዱት። ሌላም አለ፦ እጁ ሳይፈልግ የሚወራጭ፣ እስክሪብቶ የሚጥል፣ ጽሑፉ ድንገት የተበላሸ፣ ያለ ምክንያት የሚያለቅስ ልጅ። ይሄኛው ወራት ቆይቶም ሊመጣ ይችላል፤ መምህር ረባሽ ነው ብሎ ይቀጣዋል። ሐኪሙን ከወራት በፊት ጉሮሮው ታሞ እንደነበር ንገሩት፣ ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልገው እንደሆነም ጠይቁ።

ሩማቲክ ነው ከተባለ ያው ቤንዛታይን መርፌ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለዓመታት ይቀጥላል። ልቡ ያልተነካ ልጅ ቢያንስ 5 ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው፣ የትኛው ከረዘመ፤ ልቡ የተነካ ከዚያም በላይ። አዲስ ቶንሲል በመጣ ቁጥር ቫልቩ ይበልጥ ስለሚጎዳ ነው። ቀጠሮው ያለፈበት ልጅ ቤታችሁ ካለ ወሩ እስኪዞር አትጠብቁ። ካርዱ ባይገኝም ነገ ጠዋት ይወሰድ።