ከአፍንጫና ከቅንድብ ዳር የማይለቀው ቅርፊት፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከወራት በፊት አንድ ተማሪ መጣ። ከአፍንጫው ግራና ቀኝ፣ አፍንጫና ጉንጭ በሚገናኙበት ጥግ ላይ ቆዳው ቀልቷል። በቅንድቦቹ ፀጉር ሥር ቢጫ ቅርፊት ተለጥፏል። በጥጥ ስነካው ደረቅ አይደለም፤ ወዝ አለው፣ እንደ ሰም ይጣበቃል። ከኪሱ የተጨማደደች ቱቦ አወጣ። «ዶክተር፣ የምታሻለኝ ይቺ ብቻ ናት። ግን ሳቆማት ብሶ ይመጣል» አለኝ። ቱቦዋ ላይ ክሎቤታሶል የሚል ተጽፏል። ሰባት ወር ሙሉ ፊቱን ሲቀባት ቆይቷል።

በሽታው ሰቦሪክ ደርማታይተስ ይባላል። የራስ ቅል ፎረፎር የዚሁ በሽታ ቀለል ያለው መልክ ነው። ገዳይ አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ግን ፊት ላይ ስለሚወጣ ሰው ይሸማቀቅበታል፣ ከዚያም ያገኘውን ሁሉ ይቀባል። እኔ ዘንድ የሚመጣው አብዛኛው ሰው ከበሽታው ይልቅ በቀባው ነገር የተጎዳ ነው።

ድርቀት ነው ብሎ ዘይት መቀባት

ቆዳ ሲላጥ ደርቋል ብሎ ማሰብ ያለ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሁላችንም ቆዳ ላይ ማላሴዚያ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ፈንገስ ይኖራል። ይህ ፈንገስ ለራሱ የሚያስፈልገውን ቅባት መሥራት ስለማይችል የኛን ወዝ ይመገባል። ወዙን ሲሰባብረው የሚተርፈው አሲድ ቆዳን ይቆጠቁጣል። አንዳንድ ሰው ይህን ምንም ሳይሰማው ይችለዋል። የሌላው ሰው ቆዳ ግን ይቆጣል፣ ይቀላል፣ ሕዋሱን ቶሎ ቶሎ ያራግፋል። የምናየው ቅርፊት ይኸው ነው። ቦታ የሚመርጠውም ለዚህ ነው፦ የአፍንጫ ጥግ፣ ቅንድብ፣ በቅንድቦች መሃል፣ ጺም፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ደረት። ወዝ የሚበዛው እዚያ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ የወይራ ዘይት ስትቀቡ ለፈንገሱ ምግብ እየጨመራችሁለት ነው። ቅርፊቱ ለጥቂት ሰዓት ይለሰልሳል፣ የዳነ ይመስላል። በሳምንቱ ሰፍቶ ታገኙታላችሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እኔም ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። አንዲት እናት ቅንድባቸው ሲላጥ አይቼ «ማታ ማታ ዘይት ይቀቡ» አልኳቸው። በሁለተኛው ሳምንት ሲመለሱ እስከ ግንባራቸው ደርሶ ነበር። እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ማለስለሻ የግድ ካስፈለጋችሁ ቫዝሊን በስሱ መቀባት ይሻላል። ከማዕድን ዘይት ስለሚሠራ ፈንገሱ አይመገበውም።

ጠንካራ የስቴሮይድ ክሬም ፊት ላይ

በዚህ ነገር በጣም አዝናለሁ፣ እቆጣለሁም። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን ፊት ላይ ለወራት የሚቀቡ መድኃኒቶች አይደሉም። ጎረቤት ሰጠኝ፣ እህቴ ተጠቅማው ነበር፣ ባለፈው የታዘዘልኝ ነው፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። የሚያጠምደው ደግሞ መሥራቱ ነው። በሁለት ቀን ቅላቱ ይጠፋል፣ ማሳከኩ ይቆማል። ሰውየው መድኃኒቱን አገኘሁት ይላል።

ግን ስቴሮይድ የሚያበርደው የቆዳውን ቁጣ ብቻ ነው። ፈንገሱ ባለበት አለ። ስታቆሙት ቁጣው ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ያኔ ደግሞ ትቀባላችሁ። የፊት ቆዳ ስስ ስለሆነ መድኃኒቱን ከእጅና ከእግር ቆዳ ይበልጥ ይጠጣል። ከሳምንታት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ከላይ መታየት ይጀምራሉ። በአፍ ዙሪያ ጥቃቅን ሽፍታ ይወጣል፣ ቆዳው ቦታ ቦታውን ይነጣል። ዓይን አካባቢ ሲቀባ ከቆየ የዓይን ግፊትን ሊጨምርም ይችላል።

ሌላ ወጥመድም አለ። ስቴሮይድ፣ አንቲባዮቲክና ፀረ ፈንገስ በአንድ ቱቦ የተቀላቀሉበት ክሬም ብዙ ነው። ሰው «ፀረ ፈንገስ አለው» ብሎ ለወራት ይቀባዋል። ቱቦው ጀርባ ያለውን ስም አንብቡ። መጨረሻው «ሶን» ወይም «ሶል» የሆነ ስም ካያችሁ ስቴሮይድ ሊሆን ስለሚችል ፋርማሲስት ጠይቁ። ግን በመጨረሻ ፊደሉ ብቻ አትፍረዱ። ኬቶኮናዞልም «ዞል» ብሎ ነው የሚያልቀው፣ እሱ ግን ፀረ ፈንገስ ነው።

ስቴሮይድ ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ቁጣው በጣም ሲበረታ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ከፀረ ፈንገስ ጋር፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይታዘዛል። ቀን ተቆጥሮለት ይጀመራል፣ ቀኑ ሲደርስ ይቆማል።

ወደ ተማሪው ልመለስ። ክሎቤታሶሉን አስቆምነው። መጀመሪያ የነገርኩት «ሁለት ሳምንት ያህል ይብስብሃል፣ ተስፋ ቆርጠህ ወደ ቱቦዋ እንዳትመለስ» ብዬ ነው። 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ክሬም ጠዋትና ማታ በስሱ እንዲቀባ፣ ለአራት ሳምንት። ለቁጣው ስቴሮይድ ያልሆነ ፒሜክሮሊመስ የሚባል ክሬም ታዘዘለት፣ ሰባት ወር ስቴሮይድ ለጠጣ ቆዳ ሌላ ስቴሮይድ መጨመር ስላልፈለግን። በአሥረኛው ቀን ደወለ። ፊቱ እንደ እሳት ይነዳል፣ ከቤት መውጣት አልቻለም። የጠበቅነው ነገር ስለነበር «ቀጥል» አልኩት። በሦስተኛው ሳምንት ቅርፊቱ ለቀቀ። በስድስተኛው ቅላቱ ጠፋ። ጠቆር ያለ ምልክት ግን ከዚያ በኋላም ቆይቷል፤ የሚያስፈራ ነገር አይደለም፣ ቀስ እያለ ይለቃል።

ለረጅም ጊዜ ጠንካራ ስቴሮይድ የቀባችሁ ካላችሁ ብቻችሁን ከመታገል የቆዳ ሐኪም ይያችሁ። ያቺ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ብዙ ሰው ትጥላለች።

መፋቅ

ቅርፊቱን በጥፍር፣ በጨርቅ፣ በሻካራ ማሻሻ አትፋቁ። አልኮል ያለበት የፊት ማጽጃና ከመላጨት በኋላ የሚረጭ ሽቶም ያው ነው። ለስላሳ ማጽጃ፣ ለብ ያለ ውኃ፣ በቀን ሁለቴ። በቃ።

ፊትን አክሞ ራስን መተው

ተማሪው በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ፀጉሩን ገለጥ አድርጌ አየሁት። የራስ ቅሉ በፎረፎር ተሞልቷል፣ ግንባሩ ዳር ላይ ቅርፊቱ መስመር ሠርቷል። በመጀመሪያው ቀን ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም። ጺም ያለው ሰውም እንዲሁ ነው፤ ቅርፊቱ ከጺሙ ሥር ይደበቃል።

2 በመቶ ኬቶኮናዞል ሻምፖ በሳምንት ሁለቴ፣ ለአራት ሳምንት አዘዝንለት። በቀጣዩ ቀጠሮ «ታጠብኩበት፣ ለውጥ የለውም» አለ። እንዴት እንደሚታጠብ አሳየኝ አልኩት። አረፋ እንዳወጣ ወዲያው ያለቀልቀዋል። ይህ ሻምፖ መድኃኒት ስለሆነ ቆዳው ላይ ጊዜ ይፈልጋል። ፀጉሩን ሳይሆን የራስ ቅሉን አሹ፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ አቆዩ፣ ከዚያ አለቅልቁ። አረፋውን በዚያው ቅንድብና ጺም ላይ ማስነካት ይቻላል፣ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ። ደቂቃውን መጠበቅ ከጀመረ በኋላ ነው ፊቱም ጨርሶ የተስተካከለው።

ሲጠፋ ማቆም

ይህ በሽታ ይተኛል እንጂ ጨርሶ አይለቅም። ፈንገሱን ከቆዳችን ነቅለን ማውጣት አንችልም፤ ቁጥሩን ግን ዝቅ አድርገን መያዝ እንችላለን። ፊታችሁ ከጠራ በኋላም ሻምፖውን በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ቀጥሉ። የሚያገረሽበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በተሻለው ሳምንት ጠርሙሱን ያስቀመጠ ሰው ነው።

የሚቀሰቅሰውን አለማወቅ

«ምን በልቼ ነው?» የሚለውን ጥያቄ በየቀኑ እሰማለሁ። ይህን ምግብ ከተዋችሁ ትድናላችሁ የሚባልበት የተረጋገጠ ምግብ የለም። ደጋግመን የምናያቸው ቀስቃሾች ሌሎች ናቸው፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ብርዳማና ደረቅ አየር፣ ሰውነትን የሚያደክም ሕመም። ተማሪውን በሽታው የተነሳባቸውን ቀናት ስልኩ ላይ እንዲጽፍ ነገርኩት። የመዘገባቸው ሁለቱም ፈተና ሳምንት ላይ ወደቁ። ሌሊት ሲያጠና አድሮ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን የአፍንጫው ጥግ ይቀላል።

ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት

ጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል። በምትኩ ነጣ ያለ፣ ቅርፊት ያለበት ምልክት ይሆናል። ሰው ለምጽ ነው ብሎ ይደነግጣል፣ ወይም ቋቁቻ ነው ይላል። ለምጽ አይላጥም። ቋቁቻ ደግሞ በብዛት ደረትና ጀርባ ላይ ነው የሚወጣው።

ሉፐስ የሚባለው፣ የሰውነት መከላከል ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታም ጉንጭና አፍንጫን ያቀላል። ግን አብዛኛውን ጊዜ ያንን የአፍንጫ ጥግ እጥፋት ይተወዋል፣ ሰቦሪክ ደርማታይተስ ደግሞ የሚወደው እሱኑ ነው። መገጣጠሚያ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ፀሐይ ሲነካችሁ የሚብስ ቅላት ካለ ቶሎ ሐኪም ይያችሁ። በሽታው ድንገት መጥቶ ፊትንና ደረትን በአንዴ ካለበሰ፣ ወይም በትክክል ታክሞ አራት ሳምንት አልፎትም አልመለስ ካለ፣ የኤችአይቪ ምርመራ እናዛለን። የሰውነት መከላከል ሲዳከም ይህ በሽታ በጣም ይበረታል። ምርመራ ስንጠይቅ ማንንም መጠርጠራችን አይደለም።

ተማሪው ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነበር። ፈተና ላይ ነው። ከአፍንጫው በስተግራ ትንሽ ቅላት ጀምሮት፣ ሳይጠይቀኝ በዚያው ቀን ኬቶኮናዞሉን ቀብቷል፣ ሻምፖውንም በሳምንት ወደ ሁለቴ መልሶታል። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፦ «ሰኞ ጀመረ፣ ቅዳሜ ጠፋ» ይላል።