የሽንኩርት መክተፊያን በስልክ ቀርጾ እንዳለ ማሳየት፦ ለኦንላይን ሻጮች

ሱቅ ገብቶ እቃ የሚገዛ ሰው ክዳኑን ይከፍታል፣ ስለቱን ያያል፣ በእጁ ይመዝነዋል፣ "እስኪ አስነሳው" ይላል። በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ የሚገዛ ሰው ግን ይህን ማድረግ አይችልም። እናንተ የምትቀርጹት ቪዲዮ በእሱ ቦታ ሆኖ እቃውን መፈተሽ አለበት።

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ በኦንላይን ለሚሸጡ ጓደኞቼ የእቃ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። እዚህ የምወስደው አንድ እቃ ነው፦ በቻርጅ የምትሰራዋን ትንሽ የሽንኩርት መክተፊያ። ብዙ ሰው ቾፐር ይላታል። የመረጥኳት ቪዲዮዋ በቀላሉ ሊያታልል ስለሚችል ነው። ሽንኩርት ይገባል፣ ቁልፉ ይጫናል፣ ቪዲዮው ይቆረጣል፣ ከዚያ ልቅም ብሎ የተከተፈ ሽንኩርት ይወጣል። መሃል ላይ ምን እንደተደረገ ማንም አላየም።

አንዲት ሻጭ የለጠፈችው ቪዲዮ ሽንኩርቱ አራት ቦታ ሲቆረጥ የሚታይበትን ክፍል "ጊዜ ይፈጃል" ተብሎ ወጥቶለት ነበር። ገዢዎቹ ሽንኩርቱን እንዳለ ከተቱት። ስለቱ ተያዘ፣ ሞተሩ እያቃሰተ ቆመ፣ "የተበላሸ እቃ ላክሽልን" የሚል ስልክ መጣ። እቃው ደህና ነበር። የጎደለው በቪዲዮው ውስጥ መታየት የነበረበት ያ ቁረጣ ነው።

1. ከካሜራው በፊት እቃውን ፈትኑት

ቾፐሯን ሙሉ ቻርጅ አድርጉና ቀይ ሽንኩርት ይዛችሁ ሞክሯት። መጀመሪያ ለሁለት የተከፈለ፣ ቀጥሎ ለአራት የተከፈለ። ከዚያ እስከ አፏ ሙሏት። ሞልታችሁ ስትከትፉባት ከታች ያለው ላልቶ ከላይ ያለው ትልልቅ ሆኖ ይቀራል። ቁልፉን ረጅም ጊዜ ከያዛችሁት ደግሞ ሽንኩርቱ ውሃ ያወጣና ይላቁጣል። ቁልፉን አጭር አጭር እየጫኑ፣ መሃል ላይ ነቅነቅ ማድረግ ነው የሚያዋጣው። ይህን ሁሉ ጻፉት፤ የቪዲዮው ቅደም ተከተል ከዚህ ይወጣል።

መጠኗንም ለኩ። ካርቶኑ ላይ 250 ሚሊ ካለ፣ ሞተሩ ያለበትን ክዳን አንስታችሁ ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ቅዱባት። የሃይላንዱን ግማሽ ከያዘች ቁጥሩ ልክ ነው። ሆኖም 250 ሚሊ ውሃ ያዘች ማለት ያን ያህል ሽንኩርት ትከትፋለች ማለት አይደለም፤ ስለቱ እንዲዞር ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ገዢው ማወቅ የሚፈልገው በአንድ ጊዜ ስንት ሽንኩርት እንደምትችል ነው። ያንን ቁጥር ከራሳችሁ ሙከራ ውሰዱ።

2. መስኮት ፈልጉ

ቀለበት መብራት ለመግዛት አትቸኩሉ። የቾፐሯ ጎድጓዳ እቃ ግልጽና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ቀለበቱ ራሱ ላዩ ላይ ክብ ሆኖ ይታያል፣ ውስጡን ይሸፍናል። ጠረጴዛውን መስኮት አጠገብ አድርጉና ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ጥሩ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ከገባች ነጭ ስስ መጋረጃ ወይም ነጠላ ዘርጉባት። በክረምት ደመናው ራሱ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል። መስኮቱ በሌለበት በኩል ነጭ ካርቶን አቁሙ፤ ጥላውን ያሳሳዋል።

የክፍሉን አምፖል አጥፉ። የእኛ መብራት በ50 ኸርዝ ስለሚሰራ አንዳንድ አምፖሎች ለዓይን በማይታይ ፍጥነት ብልጭ ድርግም ይላሉ። ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል ሲቀርጽ ይህ በቪዲዮው ላይ የሚንሸራተት ጥቁር መስመር ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ከአምፖሉ ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ 50Hz የሚል ካለ ምረጡት፣ ወይም በሰከንድ 25 ምስል አድርጉት።

3. ዳራው

ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ወፍራም ትልቅ ወረቀት ግዙ። ጫፉን ግድግዳው ላይ ለጥፉ፣ ሌላውን ጠረጴዛው ላይ አንጥፉ፣ መሃሉን ሳታጥፉ እንዲጎብጥ ተዉት። የማዕዘኑ መስመር ይጠፋል። ቾፐሯ ነጭ ከሆነች ወረቀቱ ነጭ አይሁን፤ ጠርዟ አይለይም። ፈዘዝ ያለ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ይሻላል። የአበባ ማስቀመጫ፣ የቡና ሲኒ፣ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ አያስፈልግም። ገዢው "ይሄም አብሮ ነው?" ብሎ የሚጠይቀው ነገር ሁሉ ከፍሬሙ ይውጣ። ፍሬሙ ውስጥ የሚቀሩት ቾፐሯ፣ ሽንኩርቱ፣ ቢላዋና መክተፊያ ጣውላ ብቻ ናቸው።

4. ሳይቆረጥ የሚቀረጸው

የቪዲዮው ዋና ክፍል ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ መቅረት የለበትም። ስልኩን ትራይፖድ ላይ፣ ካልሆነም በተደራረቡ መጻሕፍት አስደግፋችሁ ቁም አድርጉት። ከፍታው ከጠረጴዛው ከፍ ብሎ ወደ ታች ትንሽ ዘንበል ያለ ይሁን፤ ተመልካቹ የጎድጓዳውን ጎንም ውስጡንም ማየት አለበት። ሌንሱን ጥረጉ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ቾፐሯን ተጭናችሁ ያዙ። አይፎን ላይ AE/AF LOCK ይላል፣ ብዙ አንድሮይድ ላይ የቁልፍ ምልክት ይመጣል። ይህን ካላደረጋችሁ እጃችሁ በገባ ቁጥር ስልኩ ብርሃኑንና ጥራቱን እንደ አዲስ ይፈልጋል፣ ቪዲዮው ይፈዝና ይበራል።

አሁን ቅረጹ፣ እስከ መጨረሻው አታቁሙ። ባዶውን ጎድጓዳ ለካሜራው አሳዩ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ቀድሞ የተከተፈ ሽንኩርት ከታች እንዳልተቀመጠ የሚያረጋግጠው ይሄ ብቻ ነው። የተላጠውን ሽንኩርት አሳዩ፣ እዚያው ካሜራው ፊት ለአራት ቁረጡት፣ ክተቱት፣ ክዳኑን ግጠሙ። ክዳኑ ካልገጠመ የማትነሳ ከሆነ ክዳኑን ሆን ብላችሁ አላልታችሁ ቁልፉን አንዴ ጫኑት፤ ገዢው ቤቱ ሲደርስ "አልሰራ አለኝ" እንዳይል። ከዚያ በትክክል ግጠሙና አጭር አጭር እየጫናችሁ ክተፉ። ቆም ብላችሁ ነቅነቅ ስታደርጉ ያም ይታይ።

ሲያልቅ ሽንኩርቱን በሙሉ ነጭ ሳህን ላይ ገልብጡትና በማንኪያ ዘርጉት። ከላይ ያለውን ጥሩውን ብቻ አታሳዩ። ሁለት ሦስት ትልልቅ ቁራጭ መቅረቱ አይቀርም፤ በማንኪያው ጫፍ ለይታችሁ አሳዩዋቸው። ለወጥ የሚከትፍ ሰው ያ ቁራጭ ችግር አይሆንበትም። ለሰላጣ እኩል ክትፍ የሚፈልግ ደግሞ ቀድሞ ያውቃል።

ስህተት ከተፈጠረ ከመሃል አትቀጥሉ። ጎድጓዳውን አጥባችሁ፣ በአዲስ ሽንኩርት ከመጀመሪያው ጀምሩ። ፍጥነት መጨመርም እዚህ ክፍል ላይ አይፈቀድም። ገዢው ከቪዲዮው የሚያነበው ትልቁ ነገር ጊዜው ነውና። ሽንኩርቱ ሲላጥ ያለውን ማፍጠን ከፈለጋችሁ "በ4 እጥፍ የፈጠነ" ብላችሁ ስክሪኑ ላይ ጻፉ።

5. ቅርብ ቀረጻ

አንድ ስልክ ነው ያለን ብዬ ነው የማስበው። ስለዚህ ቅርቡ በሁለተኛ ዙር፣ በሌላ ሽንኩርት ይቀረጻል። ይህ ምንም ክፋት የለውም። ነውር የሚሆነው የሁለተኛውን ዙር ውጤት የመጀመሪያው አስመስሎ መሃል ላይ መቀጠል ነው። ቅርቡን ከዋናው በኋላ አስቀምጡና "ድጋሚ የተቀረጸ" በሉት።

ስልኩን እቃው ላይ አታስጠጉት። በጣም ሲጠጋ ጥራቱን ያጣል፣ ወደ ካሜራው የቀረበውንም ክፍል ከልክ በላይ ያሳብጣል። ትንሿ ቾፐር ትልቅ ማሽን ትመስላለች። ግማሽ ሜትር ያህል ራቁና 2x ዙም ተጠቀሙ። መጠኗን ለማሳየት ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጎን አቁሟት፣ ሁለቱም ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ ይሁኑ። ሃይላንዱ ከኋላ ከሆነ ያንሳል፣ ቾፐሯም ያለ አግባብ ትገዝፋለች።

ቅርብ መታየት ያለባቸው አራት ነገሮች ናቸው፦ ስለቱ፣ የክዳኑ ጎማ፣ የቻርጅ ቀዳዳው፣ ፕላስቲኩ ላይ ያለ ጭረት ወይም የመገጣጠሚያ ስፌት ካለ እሱ። ስለቱን ስታሳዩ ሞተሩ ያለበት ክዳን ወልቆ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በመጨረሻ የአጠባውን ነገር ጨምሩ። ጎማው ስር ሽንኩርት ይገባል፣ ነቅሎ ማጠብ ያስፈልጋል፣ የሞተሩ ክፍል ግን ውሃ ውስጥ አይነከርም።

6. ድምፅ፣ ጽሑፍ፣ ቀለም

የሞተሩን ድምፅ ሙዚቃ አታልብሱት። ሕፃን የሚያስተኛ ቤት ምን ያህል እንደምትጮህ ማወቅ ይፈልጋል። ማብራሪያችሁን በኋላ ለብቻው ቅዱ፤ መንገድ ዳር ከሆናችሁ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ስለሚገባ መስኮት ዘግታችሁ። ጽሑፉን ከፍሬሙ ታችና ከቀኝ ጠርዝ አርቁ፤ ቲክቶክ እዚያ የራሱን ምልክቶችና መግለጫ ያስቀምጣል።

ፊልተርና ቆዳ ማሳመሪያውን ዝጉ። ኤዲቱ ሲያልቅ ቾፐሯን መስኮቱ ጋ ይዛችሁ ከስክሪኑ ጋር አስተያዩ። ክሬም የነበረችው በረዶ ነጭ ከሆነች ቀለሙን መልሱት። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ በስልክ የተቀረጸ የእቃ ቪዲዮም ማስታወቂያ ነው።

7. ከለጠፋችሁ በኋላ

ቴሌግራም ላይ ስትልኩ ጥራቱን ከፍ አድርጋችሁ ምረጡ፤ አለበለዚያ ክትፉ ሁሉ ደብዝዞ ይደርሳል። ከቪዲዮው ስር በአንድ ጊዜ የሚከተፈውን መጠን፣ ዋጋውንና ካርቶኑ ውስጥ ያለውን በሙሉ ጻፉ። ቻርጀሩ ከሌለ "ገመድ ብቻ" በሉ።

አዲስ እቃ ከመርካቶ ሲመጣ አንዱን ከፍታችሁ ከቪዲዮው ጋር አስተያዩት። ካርቶኑ አንድ ሆኖ ስለቱ ከሦስት ወደ ሁለት ሊቀንስ ይችላል፣ ጎማውም ሊለወጥ ይችላል። ከተለወጠ ሳይቆረጥ የሚቀረጸውን ክፍል በአዲሱ እቃ እንደገና ቅረጹና የድሮውን ቪዲዮ አንሱት።